አራቱ ፒ ለአገልግሎት ለምን ሰባት ይሆናሉ? የሐይቅ ዳሩ ሆቴል የፈተና ጥያቄ

ሐይቅ ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ ማርኬቲንግ የምማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የአገልግሎት ማርኬቲንግ ፈተናችን ደርሷል፤ ለልምምድ ከተሰጡን ጥያቄዎች በአንዱ ላይ ከጓደኞቼ ጋር መስማማት አልቻልንም። ጥያቄው የመጣው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሐሳቡን በአማርኛ ላስቀምጠው፦

«በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚገኝ ባለ 40 ክፍል ሆቴል ቅዳሜ ሙሉ በሙሉ ይያዛል፤ ማክሰኞ ግን የሚያዙት ክፍሎች 14 ብቻ ናቸው። የአንድ ክፍል ዋጋ በማንኛውም ቀን 1500 ብር ነው። የቅዳሜ እንግዶች ክፍላቸውን ለመረከብ ብዙ እንደሚጠብቁ፣ በሠርገኞች ጫጫታ እንደሚረበሹ፣ ክፍሉም በስልክ ካዩት ፎቶ ጋር እንደማይመሳሰል ይናገራሉ። የማርኬቲንግ ሚክስ ለአገልግሎት ወደ ሰባት የሚሰፋበትን ምክንያት በማስረዳት ለሆቴሉ ምክር ስጥ። 15 ነጥብ።»

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አገልግሎት አራት ባሕርያት እንዳሉት ተምረናል፤ አይዳሰስም፣ ከሰጪው አይነጠልም፣ ጥራቱ ይለዋወጣል፣ ተጠራቅሞ አይቀመጥም። የማርኬቲንግ ሚክስ የሚባሉት የቀድሞዎቹ አራት ፒዎች ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታና ማስተዋወቅ ናቸው፤ ለአገልግሎት የተጨመሩት ፒዎች ግን ሰዎች፣ ሂደትና የሚታይ ማስረጃ፣ ሦስት ብቻ ናቸው። ታዲያ አራተኛው ባሕርይ የት ገባ? ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ በእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ላይ ሰባቱንም መጻፍ ይሻላል ወይስ መምረጥ?

ደብተር ሙሉ

እህቴ፣ ይህ አያስቸግርሽ። ዕቃ ከሆነ አራት፣ አገልግሎት ከሆነ ሰባት ነው። አገልግሎት ስለማይዳሰስ የሚታይ ማስረጃ ተጨመረ። ከሰጪው ስለማይነጠል ሰዎች ተጨመሩ። ጥራቱ ስለሚለዋወጥ ሂደት ተጨመረ። ተጠራቅሞ አለመቀመጡም ከሂደት ጋር ይደመራል። ሠንጠረዡን በቃልሽ ያዢ፤ ፈተናው ላይ ሰባቱንም በተራ ጻፊ። ለእያንዳንዱ ሁለት ነጥብ፣ ለመግቢያው አንድ ነጥብ፣ በድምሩ 15 ይሞላል። እኛ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንሠራው።

የታቦር መምህር

ደብተር ሙሉ ያነሣቸው ሦስት ግንኙነቶች ትክክል ናቸው፤ ሊያዙም ይገባል። ነገር ግን ሠንጠረዡ ምክንያቱን አይናገርም። ጥያቄው ደግሞ የሚጠይቀው ምክንያቱን ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 አሜሪካዊው የማርኬቲንግ ምሁር ጄሮም ማካርቲ አራቱን ፒዎች ሲያሰባስብ በዋናነት የታሰበው ፋብሪካ ውስጥ ተመርቶ ለገበያ የሚወጣ ዕቃ ነበር። ሳሙና የሚገዛ ሰው ሳሙናውን የቀቀለውን ሠራተኛ አያውቀውም። ሠራተኛው ጠዋት ተቆጥቶ ይግባ ተደስቶ፣ ማሽኑ በየትኛው ቅደም ተከተል ይሥራ፣ የፋብሪካው ግድግዳ ቀለም ይላጥ አይላጥ ገዢውን አይመለከተውም። እነዚህን ሦስቱን የሚከታተሉት የምርት ክፍሉና የሠራተኛ አስተዳደሩ ናቸው። የማርኬቲንግ ኃላፊው ሥራ የሚጀምረው ዕቃው ከበሩ ሲወጣ ነው።

በሆቴል ግን ደንበኛው ራሱ ወደ ማምረቻው ይገባል። አገልግሎቱ የሚመረተው እሱ ባለበት፣ እሱ እያየ፣ ብዙ ጊዜም እሱ እየተሳተፈ ነው። ስለዚህ ድሮ ከገዢው ዓይን ተሸሽገው የነበሩ ሦስት ነገሮች ገሃድ ይወጣሉ፤ የሚሠሩት ሰዎች፣ ሥራው የሚሄድበት መንገድ፣ የሚሠራበት ስፍራ። እንግዳው የገዛውን ነገር የሚመዝነው በእነርሱ ነውና የማርኬቲንግ ውሳኔ ሆኑ። ምሁራኑ በርናርድ ቡምስና ሜሪ ጆ ቢትነር በዚያው አቆጣጠር በ1981 ሦስቱን የጨመሩት በዚህ መነሻ ነው። ይህን በሦስት አረፍተ ነገር የጻፈ ተማሪ «አገልግሎት ስለሆነ ሰባት ነው» ካለው ብዙ ርቆ ሄዷል።

አሁን ወደ አራተኛው ባሕርይ ልምጣ፤ ሐይቅ ዳር ያነሣችው እውነተኛ ጥያቄ ነው። ተጠራቅሞ አለመቀመጥ አዲስ ፒ አላስፈለገውም፤ መድኃኒቱ በዋናነት ከቀድሞዎቹ አራት ውስጥ፣ በተለይም በዋጋ ውስጥ አለ። ማክሰኞ ማታ ባዶ ያደሩት 26 ክፍሎች በ1500 ብር ሲሰሉ 39000 ብር ይሆናሉ። ረቡዕ ጠዋት ያ ሌሊት ከእንግዲህ አይሸጥም። ሳሙና ቢሆን መደርደሪያ ላይ ቆይቶ ቅዳሜ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ላይ «ማክሰኞ 14 ብቻ» የሚለውን ቁጥር ፈታኙ ያስቀመጠው ተማሪው ወደ ሦስቱ አዳዲስ ፒዎች ብቻ ሮጦ ዋጋን እንዳይረሳ ለመፈተን ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚያ ላይ ነው።

ደብተር ሙሉ

መምህር፣ እናመሰግናለን። ከዚህ ከተረዳሁት ማክሰኞ ዋጋ ቀንስ ብሎ መጻፍ በቂ ነው ማለት ነው?

የታቦር መምህር

አይበቃም፤ በቁጥር አሳየው። ሆቴሉ የማክሰኞን ዋጋ ለሁሉም ወደ 1100 ብር አወረደ እንበል። የድሮዎቹ 14 እንግዶች 21000 ብር ይከፍሉ ነበር። ቅናሹ 10 ተጨማሪ እንግዶች ካመጣ 24 ክፍሎች በ1100 ብር 26400 ብር ይሆናሉ፤ ጭማሪው 5400 ብር ነው። ለአንድ ክፍል ቁርስ፣ አንሶላ ማጠቢያና ጽዳት 400 ብር ቢያስወጣ ለአሥሩ ክፍሎች 4000 ብር ይሄዳል፤ ለሆቴሉ የሚተርፈው 1400 ብር ብቻ ነው። የመጡት ሰባት ቢሆኑ ደግሞ ገቢው በ2100 ብር ሲያድግ ወጪው 2800 ብር ይሆናል፤ ሆቴሉ በቅናሹ 700 ብር ከሰረ ማለት ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ1500 ብር ለመክፈል ፈቃደኛ የነበሩትም ቅናሹን አገኙ። ስለዚህ ጥሩ መልስ ቅናሹን ለተለየ ገዢ ያደርገዋል። ሐዋሳ በሥራ ቀናት ሥልጠናና ስብሰባ የሚካሄድባት ከተማ ናት። ሆቴሉ አዳራሽና ክፍል አንድ ላይ አድርጎ በሳምንቱ መሐል ብቻ ለሥልጠና አዘጋጆች በ1100 ብር ቢሸጥ፣ አሥር ክፍሎች 11000 ብር ያስገባሉ፤ 4000 ወጪ ሲቀነስ 7000 ይተርፋል። የቀድሞዎቹ 14 እንግዶች የሚከፍሉት አልተነካም። ፈተና ላይ ይህን ሁሉ ስሌት ማስፈር አያስፈልግም፤ «ቅናሹ ለሁሉም ከሆነ ያሉትንም ደንበኞች ገቢ ይቀንሳል» የምትለው አንዲት አረፍተ ነገር ግን ከ«ዋጋ ይቀነስ» የተሻለ ነጥብ ታስገኛለች።

ፒያሳ ጸጉር ቤት

ይቅርታ፣ እኔ ተማሪ አይደለሁም። ፒያሳ አካባቢ የወንዶች ጸጉር ቤት አለኝ። ርእሱን ሳይ ደንበኛ ስለማብዛት መስሎኝ ነው የገባሁት። የእኔ ችግር ይህ ነው፤ ጎበዙ ቆራጬ ባለፈው ለቆ ሌላ ቤት ገባ፤ ደንበኞቹም ተከትለውት ሄዱ። ወንበሩ ያው ነው፣ መስተዋቱ ያው ነው፣ ዋጋውም ያው ነው። አሁን ከሰባቱ የትኛውን ልያዝ?

የታቦር መምህር

ወንድሜ፣ እንኳን መጡ፤ የእርስዎ ጉዳይ ለተማሪዎቹም ጥሩ ማስረጃ ነው። ደንበኞቹ ሲገዙ የነበሩት የእርስዎን ቤት ሳይሆን የዚያን ልጅ እጅ ነበር፤ አገልግሎት ከሰጪው አይነጠልም የሚባለው ይህ ነው። ሰዎች የሚለው ፒ ለብቻው የወጣውም ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የሚሞከረው ሥራውን ከአንድ ሰው ወደ ቤቱ ማዛወር ነው። እያንዳንዱ ደንበኛ ምን ዓይነት አቆራረጥ እንደሚወድ በቤቱ ስም መዝግቦ መያዝ፣ ደንበኛው ተራ በተራ በሁለት ቆራጮች እንዲስተናገድ ማልመድ፣ ማጠብና መጨረስ በሁሉም ወንበር አንድ ዓይነት እንዲሆን ማድረግ። ይህ ሂደት ነው። ሙሉ በሙሉ ግን አይተካም፤ ጸጉር የሚቆረጠው በእጅ ነውና ጎበዝ ሠራተኛን የሚያቆይ ክፍያ ወይም ድርሻ ከሌለ መዝገቡ ብቻውን አያድንም።

ፒያሳ ጸጉር ቤት

መዝገቡን እሞክራለሁ። ድርሻውን ግን ቤቱ ይቻለው አይቻለው ገና ማስላት አለብኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እንግዳ ተቀባይ

እኔ ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበያ ላይ ሠርቻለሁ፤ የቅዳሜው ወረፋ ነገር አንገቴን ይዞኛልና ልናገር። ተማሪዎች ይህን ሲያዩ ወዲያው «ሠራተኞቹ ይሠልጥኑ፣ ፈገግ ይበሉ» ብለው ይጽፋሉ። እባካችሁ አትጻፉት።

የሚሆነው እንዲህ ነው። አርብ ያደረው እንግዳ ቀን 6 ሰዓት ላይ ነው የሚለቀው። ከአዲስ አበባ ማለዳ የተነሣው ቤተሰብ ደግሞ ወደ ቀትር ገደማ ደርሶ ቁልፍ ይጠይቃል። በዚያ ቀን 24 ክፍሎች ቢለቀቁ፣ አንዱን ክፍል ማጽዳት ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ፣ አራት የጽዳት ሠራተኞች ቢኖሩ እያንዳንዳቸው ስድስት ክፍል ይደርሳቸዋል። የመጨረሻው ክፍል የሚያልቀው 9 ሰዓት ላይ ነው። እኔ መቀበያው ላይ ቆሜ መልአክ ብሆን እንኳ ያልጸዳ ክፍል ቁልፍ መስጠት አልችልም። በዚያ ላይ የትኛው ክፍል እንዳለቀ አላውቅም፤ ጽዳቷ ከሦስተኛ ፎቅ ወርዳ እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ። የጸዳ ክፍል ባዶ ተቀምጦ ልጅ ያዘለች እናት ሎቢ ውስጥ የምትቆምበት ጊዜ አለ።

ይህ የሠራተኛ ባሕርይ አይደለም፤ ሂደት ነው። አርብ ማታ እንግዶች በስንት ሰዓት እንደሚለቁ ተጠይቆ ቀድመው የሚለቁት ክፍሎች ቀድመው ቢጸዱ፣ ቀድሞ እመጣለሁ ላለው እንግዳ እነዚያ ቢያዙለት፣ ጽዳቷ ክፍሉ ሲያልቅ ወዲያው በስልክ መልእክት ብታሳውቅ፣ ሻንጣ ተረክበን ምሳ ላይ ብናስቀምጣቸው ወረፋው በጣም ይቀላል።

ሐይቅ ዳር

ይህን በጣም ወድጄዋለሁ። ግን ፈተና ላይ ሰዎችና ሂደት ሲምታቱብኝ በምን ልለያቸው?

የታቦር መምህር

እንግዳ ተቀባይ መልሱን ሰጥታሻለች። በሐሳብሽ ያንን ሠራተኛ አንሥተሽ በጣም ጎበዝ በሆነ ሰው ተኪው። ቅሬታው ከጠፋ ጉዳዩ የሰዎች ነው፤ ከቀረ የሂደት ነው። የቁልፉ ወረፋ ሠራተኛ ቢቀየርም ይቀራል።

ሁለተኛው የሚምታታው ቦታና የሚታይ ማስረጃ ነው። ሁለቱም ስለ ሐይቁ ዳር የሚያወሩ ስለሚመስሉ ብዙዎች አንድ አድርገው ይጽፏቸዋል። እንግዳው ወደ አገልግሎቱ እንዴት ይደርሳል፣ በየት በኩል ይገዛዋል የሚለው ቦታ ነው፤ ሆቴሉ በስልክ፣ በድረ ገጽ ወይም በጉዞ ወኪል መሸጡም እዚህ ይገባል። እንግዳው ገና ያልቀመሰውን ነገር በምን ይገምተዋል፣ እዚያ ሲደርስስ በምን ይመዝነዋል የሚለው ደግሞ ማስረጃ ነው። ፎቶው፣ የሎቢው ሽታ፣ የፎጣው ንጽሕና፣ የደረሰኙ አዘገጃጀት ሁሉ ማስረጃ ናቸው።

በጥያቄው ውስጥ ያለው የፎቶ ቅሬታ ጥሩ ወጥመድ ነው። ተማሪው «የተሻለ ፎቶ ይነሣ» ይላል። ፎቶው ይበልጥ ባማረ ቁጥር ግን እንግዳው የሚጠብቀው ከፍ ይልና ክፍሉን ሲያይ የሚያዝነው ይብሳል። ትክክለኛው ምክር ፎቶው አሁን ያለውን ክፍል እንዲያሳይ ማድረግ ወይም ክፍሉን ወደ ፎቶው ደረጃ ማምጣት ነው። ማስተዋወቅ የሰጠውን ቃል ማስረጃው ካፈረሰው ሁለቱ ፒዎች እየተጣሉ ናቸው ማለት ነው፤ ይህን አንድ ነገር ያሳየ መልስ ሚክስ የተባለበትን ምክንያት ገብቶታል።

ከአዳማ

እኔ አዳማ ነው የማስተምረው፤ ይህን ትምህርት ለዓመታት አርሜአለሁ። መምህር ባሉት አብዛኛው እስማማለሁ፤ ሁለት ነገር ግን ልቃወም።

አንደኛ፣ «ደንበኛው ወደ ማምረቻው ስለገባ» የሚለው ምክንያት ውብ ነው፤ ነገር ግን ሁሉንም አገልግሎት አይይዝም። መኪናዬን ጋራዥ ትቼ ስሄድ የጥገናውን ሥራ አላይም። ስለዚህ በደንበኛው መገኘት ላይ ብቻ መመሥረት ያሰጋል። ከዚያም አልፎ ሰዎችም ሂደትም በምርት ውስጥ ሊካተቱ ይችላሉ፤ ሦስቱን መለየት አያስፈልግም ብለው የሚከራከሩ ምሁራን አሉ። «ገምግም» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ይህን ያልጠቀሰ ተማሪ ከእኔ ሙሉ ነጥብ አያገኝም።

ሁለተኛ፣ መምረጥ የሚባለውን እፈራለሁ። ተማሪው ሦስት መርጦ አራቱን ሲተው፣ አላወቃቸውም ወይስ ትቷቸዋል የሚለውን እኔ እንዴት ልወቅ? ሰባቱንም ይጥራ፤ ከዚያ የፈለገውን ያስፋ።

የታቦር መምህር

ጋራዡን እቀበላለሁ። እዚያ ማስረጃው ይበልጥ ይከብዳል እንጂ አይቀርም፤ ባለመኪናው ጥገናውን ስላላየ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ አሳዩኝ ይላል። ሆኖም ምክንያቱ በሁሉም ቦታ እኩል ጉልበት የለውም፤ በዚህ ልክ ነዎት። አራቱ ይበቃሉ የሚለውን ክርክር በተመለከተ እኔ የምይዘው ይህን ነው፤ ለብቻ ስም የተሰጠው ነገር ለብቻው ኃላፊና በጀት ያገኛል። በምርት ውስጥ የተቀበረ ሂደት ማንም የማይጠየቅበት ይሆናል። ይህ ግን የአሠራር ምክንያት ነው፤ የንድፈ ሐሳቡን ክርክር አይዘጋውም።

በሁለተኛው አልስማማም። ጥያቄው «ምከር» ነው የሚለው፤ የምንለካው ምክሩን ነው። 15 ነጥብ ያለውን መልስ ለሰባት እኩል የሚያካፍል ተማሪ ለሁሉም ሁለት ሁለት መስመር ይጽፍና አንዱንም ወደ ውሳኔ አያደርሰውም። እኔ የማርመው እንዲህ ነው፤ ለምክንያቱ አራት ነጥብ ገደማ፣ ለሦስት ወይም አራት በደንብ ለተሠሩ ምክሮች ዘጠኝ ገደማ፣ የቀረው የትኛው ይቅደም ለሚለው ፍርድ ነው።

ሐይቅ ዳር

ሁለታችሁም መምህራን ስለሆናችሁ የእኛ አራሚ ከማን ወገን እንደሆነ ማወቅ አልችልም። ስለዚህ በመግቢያው ሰባቱን በአንድ አረፍተ ነገር ጠርቼ ሦስቱን ላስፋ አስቤአለሁ። የሠርገኞቹን ጫጫታ በተመለከተ እንዲህ ጽፌአለሁ፤ እባካችሁ ተመልከቱልኝ፦

«ሆቴሉ ለሠራተኞቹ ሥልጠና መስጠት አለበት፤ ምክንያቱም ሰዎች ከሰባቱ ፒ አንዱ ናቸው። ይህም እንግዶችን ያስደስታል።»

የታቦር መምህር

ይህን አንቀጽ የሆቴሉን ስም ቀይረሽ ለባንክ፣ ለክሊኒክ፣ ለአውቶቡስ ማኅበር ብትሰጪው ያለ ምንም ለውጥ ይሠራል። ለሁሉም የሚሆን አንቀጽ ከጥያቄው ጋር አልተገናኘም፤ አራሚ የሚያየው ይህን ነው። ሰዎች ሲባልም ሠራተኛ ብቻ አይደለም፤ በዚያው ስፍራ ያሉ ሌሎች ደንበኞችም ይቆጠራሉ። ሠርገኛውም ከፍሎ የመጣ ደንበኛ ነው። እንዲህ ብትጽፊውስ፦

«ለማረፍ የመጣው እንግዳና ሠርገኛው አንድ ግቢ ይጋራሉ፤ አገልግሎቱ የሚሰጠው ሁለቱም ባሉበት ስለሆነ አንዱ የሌላው ምርት አካል ይሆናል። ሥልጠና ይህን አያስቀርም። ሆቴሉ ለሠርግ ፎቶ የሚገባበትን ሰዓትና የግቢውን ክፍል ይወስን፤ በዚያ ቅዳሜ ክፍል የሚይዝ እንግዳም ሠርግ እንዳለ ከመክፈሉ በፊት ይነገረው፤ ጸጥታ ለሚፈልግ ከሐይቁ በተቃራኒ ያሉ ክፍሎች ይሰጡት። ይህ ከሠርግ የሚገኘውን ገቢ በጥቂቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ቅዳሜ ግን ክፍሎቹ ሁሉ ስለሚያዙ ሆቴሉ የመምረጥ አቅም ያለው በዚያ ቀን ነው።»

የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ልብ በይ። ምክሩ የሚያስከፍለውን ተናገረች፤ ከጥያቄው ቁጥርም ማስረጃ ወሰደች።

እንግዳ ተቀባይ

መምህር፣ ከሐይቁ በተቃራኒ ያለውን ክፍል እንግዳ አይወድም። ሐይቁን ለማየት ነው የመጣሁት ይላል። እኛ ጋ ያንን ክፍል በቅናሽ ካልሆነ ማንም አይወስደውም ነበር።

የታቦር መምህር

ልክ ነሽ፤ እንግዲያው ዋጋ ተመልሶ ገባ። ሐይቁን የሚያሳየው ክፍልና ጸጥ ያለው ክፍል አንድ ዋጋ ሊኖራቸው አይገባም። ሐይቅ ዳር፣ በእንግዳ ተቀባይ ሐሳብ አንቀጹን አስተካክዪው።

ደብተር ሙሉ

እኔ አሁንም ሠንጠረዡን አልተውም፤ ለማስታወስ ይረዳኛል። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ቴሌብርን ብንወስድ ገንዘብ መላኩን በራሴ ስልክ ላይ ነው የምጨርሰው፤ ሠራተኛም ሎቢም የለም። ታዲያ ሰዎችና ማስረጃ የት አሉ?

እንግዳ ተቀባይ

ማስረጃውማ ገንዘቡ ሲላክ የሚመጣው አጭር መልእክት ነው። ሱቅ ውስጥ ሻጩ መልእክቱን ሳያይ ዕቃውን አይለቅም እኮ።

ከአዳማ

በትክክል፤ የወኪሉ ሱቅ ላይ ያለው ምልክትም ይጨመርበታል። ሰዎችን በተመለከተ ወኪሉ አለ፤ ሥራውን የሚሠራው ግን በአብዛኛው ተጠቃሚው ራሱ ነው። ስለዚህ የምስጢር ቁጥሩን የሚያስገባው ደንበኛ ከሰዎች ይቆጠር ወይስ ከሂደት? እኔ ከሂደት እላለሁ።

የታቦር መምህር

እኔ ከሁለቱም እላለሁ፤ ቁጥር ማስገባት የማይችሉ እናት ልጃቸውን ሲጠሩ ልጁ የአገልግሎቱ ሠራተኛ ሆኗል። ደብተር ሙሉ፣ ይህ ጥያቄ ቢመጣ አንዱን መርጠህ ምክንያትህን ጻፍ፤ እኔም ሆንኩ የአዳማው መምህር በምክንያትህ ነው የምናርምህ።